በደህናው ጎን ተኝቶም የማይተወው የዳሌ ሕመም፦ የአንዲት መምህርት ጉዳይ

የ52 ዓመቷ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የመጡት በነሐሴ ወር ነው። የቀኝ ዳሌያቸው ጎን ሌሊት ሌሊት ከእንቅልፍ ሲቀሰቅሳቸው አምስት ወር ሊሞላው ነው። በቀኝ ጎናቸው ከተኙ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያማቸዋል። ይህንንስ ለምደውት ነበር፤ በዚያ ጎን መተኛቱን ትተውታል። ያልገባቸው ሌላው ነገር ነው። «በደህናው ጎኔ ነው የምተኛው። ታዲያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሰኝ ለምን የቀኙ ነው?» ብለው ጠየቁ።

መልሱ ሕመሙ ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን በአልጋቸው ላይ ምን መስተካከል እንዳለበትም ስለሚናገር፣ ጉዳዩን ከመነሻው እንየው።

እንዴት ጀመረ

በጥር ወር አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ቤት ገቡ። ሊፍት የለም። ውሃ በሳምንት ጥቂት ቀን ስለሚመጣ ከምድር ቤቱ ማጠራቀሚያ በባለ 10 ሊትር ጀሪካን እየቀዱ ይወጣሉ። ቀኝ እጃቸው የደረጃውን ብረት ስለሚይዝ ጀሪካኑ ሁልጊዜ በግራ ነው። ወዲያው ሁዳዴ ገባ፤ ጠዋት ማታ ቤተ ክርስቲያን መቆም፣ ስግደትም ተጨመረበት። በመጋቢት መጨረሻ ደረጃ ሲወጡ ቀኝ ዳሌያቸውን ጎኑ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋቸው ጀመር። በሚያዝያ ደግሞ ሕመሙ ወደ ሌሊት ዞረ።

መጀመሪያ የሄዱበት ክሊኒክ የወገብ ራጅ አንስቶ «አጥንቱ ትንሽ ተበልቷል፣ ነርቭ ነው» አላቸው፤ ዲክሎፌናክ ታዘዘላቸው። እየዋጡ ሳሉ ሻል ይላቸዋል፣ ሲያቆሙ ይመለሳል። ቀጥለው ወጌሻ ጋ ሄዱ። ወጌሻው የሚያመውን ቦታ በአውራ ጣቱ ጠበቅ አድርጎ አሸላቸው፤ ለሦስት ቀን በዚያ እግር መርገጥ አቃታቸው። በመጨረሻ ስልካቸው ላይ ያዩትን ጡንቻ የማፍታቻ እንቅስቃሴ ያዙ። በጀርባ ተኝቶ የቀኙን ጉልበት ወደ ግራ ትከሻ መሳብ ነው። ሲሠሩት ደስ ይላል፤ ሌሊቱ ግን ባሰ።

ምርመራው

ወለሉ ላይ ቆመው የሚያምዎትን ቦታ ያሳዩን ሲባሉ በአንድ ጣት ነኩት፦ የዳሌን ጎን ስንዳስስ ጎልቶ የሚገኘው አጥንት፣ ማለትም የጭን አጥንት የላይኛው ጉብታ። ከዚያ በጭኑ ውጪ በኩል እስከ ጉልበት ድረስ ይወርዳል። ከጉልበት በታች አያልፍም፤ መደንዘዝም የለም። ይህ በራሱ ከነርቭ መልስ ያርቃል። ከወገብ የሚወርድ ነርቭ ሲነካ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ከጉልበት አልፎ እስከ እግር ይደርሳል፣ ይነዝራል ወይም ይደነዝዛል። በጀርባ አስተኝተን ቀጥ ያለ እግራቸውን ስናነሳም የተቀሰቀሰ የነርቭ ሕመም አልነበረም።

ሁለተኛው ጥያቄ የዳሌው መገጣጠሚያ ራሱ ታሞ እንደሆነ ነው። የመገጣጠሚያ መበላት ብዙ ጊዜ ብሽሽት ላይ ያማል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ያስቸግራል፣ እግሩም ወደ ውስጥ አልዞር ይላል። እሳቸው ጫማቸውን ያለ ችግር ያስራሉ፤ ዳሌያቸው በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል፤ ብሽሽታቸውን አያማቸውም።

የቀረው ቀላሉና ጠቃሚው ፈተና ነው። ሚዛን ለመጠበቅ ያህል አንድ ጣት ግድግዳ ላይ አስነክተው በቀኝ እግራቸው ብቻ 30 ሰከንድ እንዲቆሙ ተደረገ። በ12ኛው ሰከንድ ያው የሚያውቁት ሕመም ጉብታው ላይ ተነሳ፤ ከ10 ስንት እንደሆነ ሲጠየቁ 6 አሉ። በግራ እግር 30ውን ሰከንድ ምንም ሳይሰማቸው ቆሙ። ጉብታውን መጫን ያማል፣ በአንድ እግር መቆም ያንኑ ሕመም ያስነሳል፣ ጫማ ማሰር አያስቸግርም። እነዚህ ሦስቱ ሲገጥሙ የመቀመጫ ጡንቻ ጅማት ጉዳት ነው ብሎ ሕክምና ለመጀመር ይበቃል። አልትራሳውንድም ሆነ ኤምአርአይ ያልታዘዘው ለዚህ ነው።

ሕመሙ ለረጅም ጊዜ «የቡርሳ ቁስለት» ሲባል ኖሯል። ቡርሳ በአጥንቱና በጅማቱ መካከል ያለ፣ ሰበቃን የሚቀንስ ስስ ከረጢት ነው። በምስል ሲታይ ግን በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ የተለወጠው ጅማቱ ሆኖ ተገኘ፤ ቡርሳው ቢያብጥም ብዙውን ጊዜ ከጅማቱ ጋር ነው። ሕመሙ ከ40 ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ፣ በተለይ የወር አበባ በሚቆምበት ዕድሜ አካባቢ ይበዛል።

ጅማቱን የሚጎዳው ምንድን ነው

በዳሌ ጎን ያሉት ሁለቱ የመቀመጫ ጡንቻዎች ግሉቲየስ ሚዲየስና ግሉቲየስ ሚኒመስ ይባላሉ። በአንድ እግር በቆምን ቁጥር፣ ማለትም በእያንዳንዱ ርምጃ፣ ዳሌያችን ወደ ሌላው ጎን እንዳይወድቅ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ጅማታቸው ጉብታው ላይ ተጣብቋል። ከላያቸው ደግሞ ከዳሌ ተነስቶ በጭን ውጪ እስከ ጉልበት በታች የሚወርድ ጠንካራ ሽፋን አለ። ጭናችን ወደ መሃል ሲያልፍ፣ ለምሳሌ እግር አጣምረን ስንቀመጥ፣ ይህ ሽፋን እንደ ተወጠረ ቀበቶ ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር ይጨፈልቀዋል።

ጫናው ምን ያህል እንደሚጨምር ተለክቷል። ጭን ቀጥ ባለበት ሽፋኑ ጉብታውን የሚጫነው በ4 ኒውተን ገደማ ነው። ጭን ወደ መሃል 10 ዲግሪ ብቻ ሲያልፍ 36 ይደርሳል፤ በ40 ዲግሪ 106። አሥር ዲግሪ ዓይን ብዙም የማያስተውለው ማዘንበል ነው፤ ጫናውን ግን ዘጠኝ እጥፍ ያደርገዋል።

አሁን የመምህርቷን ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ምርመራ አልጋው ላይ ቤታቸው እንደሚተኙት በግራ ጎናቸው ተኙ። ግራው እግር ቀጥ ብሏል። ቀኙ እግር ግን ጉልበቱ ታጥፎ፣ ግራውን ተሻግሮ ወደ ፊት ወድቆ ፍራሹን ነክቷል። የቀኙ ጭን ከዳሌ ወደ ታች አዘንብሏል። ቀበቶው ተወጥሯል፣ እንደዚያም እንደሆነ ለሰዓታት ይቆያል። በቀኝ ጎናቸው ሲተኙ የሰውነታቸው ክብደት ከውጪ ይጫነዋል፤ በግራ ሲተኙ ደግሞ የራሳቸው ሽፋን ከላይ ይጨፈልቀዋል። ጎን ለውጠዋል እንጂ ጅማቱን ከጫና አላወጡትም። ያ ጉልበትን ወደ ትከሻ የሚስበው እንቅስቃሴም ይህንኑ ነበር የሚያደርገው።

አልጋው ላይ የተደረገው

መምህርቷ በጉልበታቸው መካከል ትራስ ሞክረው ነበር፤ «አልረዳኝም» አሉ። ትራሱን ይዘው እንዲመጡ ተደረገና ታየ። ለስላሳ የስፖንጅ ቁርጥራጭ የተሞላ ነው፤ ሳይጫን 14 ሴንቲሜትር ቢሆንም ጉልበታቸው ሲያርፍበት ወደ 5 ይወርዳል። ከዚያም በላይ ከጉልበት ትንሽ አልፎ ያልቃል፤ ቁርጭምጭሚታቸው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ፍራሹ ይወርዳል። እግር ከታች ሲወርድ ጭኑ ስለሚዞር ጅማቱ እንደገና ይወጠራል። ትራስ ሞክሮ «አልሠራም» ያለ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ መታየት ያለባቸው እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ትራሱ ሲጫን ምን ያህል ይቀራል፣ የትስ ድረስ ይደርሳል።

ልኩ እንዲህ ነው። በጎን ተኝቶ የላይኛው ጉልበት ከዳሌው ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት፤ ጭኑ እንደ ጠረጴዛ ገጽ አግድም ይተኛ። ለአብዛኛው ሰው ይህ ከተጫነ በኋላ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ይጠይቃል፤ ዳሌው ሰፊ ለሆነ ሰው ወደ 15 ይጠጋል። አዲስ ትራስ መግዛት አላስፈለገም። አንድ ጋቢ በርዝመቱ ጠበቅ ተደርጎ ተጠቅልሎ፣ በሁለት ቦታ በጨርቅ ታስሮ፣ ከጉልበት በላይ እስከ እግር ጣት እንዲደርስ ተደረገ። ጋቢ ሲጠቀለል እንደ ስፖንጅ አይሟሽሽም። የእሳቸው ሲጫን 13 ሴንቲሜትር ሆነ። ሁለቱ ጉልበቶች በትንሹ ታጥፈው ጥቅሉ መካከላቸው ሲገባ፣ ባለቤታቸው ከአልጋው ግርጌ ቆመው በስልክ ፎቶ አነሱ። ቀኙ ጉልበት ከዳሌው በታች የሚታይ ከሆነ ጥቅሉ ይወፍራል። ራስን በራስ መፈተሽ ያስቸግራል፤ የተኛ ሰው እግሩ ቀጥ ያለ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ችግር ፍራሹ ነበር። ዓመታት ያገለገለ የስፖንጅ ፍራሽ ነው፣ መሃሉ ጎድጉዷል። ዳሌ ጉድጓድ ውስጥ ሲሰጥም እግር ከዳሌ ከፍ ያለ ቢመስልም አከርካሪው ይጣመማል፣ ሰውየውም ሌሊቱን ሙሉ ወደ ጉድጓዱ ይንከባለላል። የፍራሹ ራስጌና ግርጌ ተለዋወጡ፤ ጉድጓዱ ባለበት ከፍራሹ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ ገባ። ፍራሹ በተቃራኒው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ይለያል፤ ከላይ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር የሆነ ለስላሳ ንጣፍ ወይም በአራት የታጠፈ ወፍራም ብርድ ልብስ ይነጠፋል።

በጀርባ መተኛት ለጅማቱ ከሁሉ የተሻለ ነው። በሁለቱም ጉልበት ሥር ትራስ ይገባል፣ እግሮቹ በትከሻ ስፋት ያህል ይከፈታሉ፤ ተጠጋግተው ወይም ቁርጭምጭሚት በቁርጭምጭሚት ላይ ተደርቦ አይሆንም። መምህርቷ ግን በጀርባቸው ሲተኙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። የለመዱትን አቀማመጥ በአንድ ሌሊት ቀይሩ ማለት እንቅልፍ ማሳጣት ነው፣ ስለዚህ በጀርባ መተኛት ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ብቻ ተወሰነ፤ ከዚያ ወደ ግራ ዞረው ጥቅሉን ይይዛሉ። ሲዞሩ ጥቅሉን በጉልበቶቻቸው መካከል እንደያዙ፣ ትከሻና ዳሌ አንድ ላይ ይዞራሉ። አስቀድሞ ጉልበት ከዞረ የላይኛው ጭን ይወድቅና ያው ቁንጠጣ ይመለሳል።

ሳያውቁ ወደ ቀኝ እንዳይገለበጡ ደግሞ ከጀርባቸው ኋላ አንድ ትራስ ተደረገ። በእርግጥ አንዳንድ ሌሊት መገልበጣቸው አልቀረም። ያን ጊዜ ጉብታው ላይ በቀጥታ ከመተኛት ወደ ጀርባ ትንሽ ዘንበል ቢሉ ክብደቱ ከአጥንቱ ወርዶ መቀመጫው ሥጋ ላይ ያርፋል። ሁለቱም ጎን ለሚያመው ሰውም የሚሻለው ይህ ወይም በጀርባ መተኛት ነው።

ቀኑን ያልነካ ሌሊቱን አያድንም

ሌሊት የሚያመው ጅማት ቀን የደከመ ጅማት ነው። ጀሪካኑ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በግራ እጅ 10 ኪሎ ሲያዝ ዳሌውን ወደ ግራ ይጎትተዋል፤ ቀኝ እግር በረገጠ ቁጥር እንዳይወድቅ የሚይዘው የቀኙ ጡንቻ ነው፤ ያውም ደረጃ ላይ። ክብደቱ በሚያመው ጎን ባለው እጅ ቢያዝ የጡንቻው ሥራ ይቀንሳል። ስለዚህ ጀሪካኑ በሁለት ባለ 5 ሊትር ተተካ፤ አንድ በአንድ እጅ። የደረጃውን ብረት ለመያዝ ሲፈልጉ አንዱን ብቻ በቀኝ እጅ ይዘው ሁለት ጊዜ ይመላለሳሉ። በአምስት ወር ውስጥ ማንም ስለ ጀሪካኑ አልጠየቃቸውም ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ቆመው ክብደታቸውን በቀኝ እግር ላይ ጥለው ዳሌያቸውን ያወጡ ነበር። አሁን ሁለቱን እግር ከፍተው በእኩል ይቆማሉ፤ ሲደክማቸው መቋሚያውን በግራ እጃቸው ይይዛሉ፣ ምርኩዝ የሚረዳው በሚያመው ተቃራኒ ሲያዝ ነውና። ስግደቱ ለስድስት ሳምንት ቆመ፤ ይህንን ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ነው የወሰኑት። ቡና ሲያፈሉ በዝቅተኛ በርጩማ ጉልበት ገጥሞ መቀመጥ ቀርቶ፣ ከፍ ባለ ወንበር ጉልበት ለይቶ መቀመጥ ሆነ። ጉልበት የመሳቡ እንቅስቃሴና ማሳሸቱ ቆሙ።

ጡንቻውን ማጠንከር

በአቀማመጥ ብቻ ሕመሙ ይረግባል እንጂ ጅማቱ ሸክም መቻል አይጀምርም። የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ተንቀሳቅሶ የማይታይ ነው። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት ታጥፎ፣ ከጉልበት በላይ ባለው ጭን ዙሪያ መቀነት ይታሰራል፤ ጉልበቶቹ በዳሌ ስፋት እንዲራራቁ ሆኖ። ከዚያ መቀነቱን ለመበጠስ ሳይሆን ለመንካት ያህል፣ ካለው ኃይል ሩቡን በማያልፍ ወደ ውጪ መግፋት፤ 15 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፤ አምስት ጊዜ፣ ጠዋትና ከመኝታ በፊት። መምህርቷ በመጀመሪያው ሳምንት በሙሉ ኃይላቸው ይገፉ ስለነበር አልተሻላቸውም፤ መጠኑ ሲቀነስ ተሻላቸው።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በጀርባ ተኝቶ መቀመጫን ማንሳት፣ ከወንበር በዝግታ መነሳትና መቀመጥ ተጨመሩ፤ ከስድስተኛው በኋላ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ በቀኝ እግር መውጣትና ወደ ጎን መራመድ። በጎን ተኝቶ ጉልበት የሚከፈትበት የታወቀው እንቅስቃሴ አልተሰጣቸውም፤ የላይኛው ጭን ሥራውን የሚጀምረው ወደ መሃል ወርዶ ነውና። መለኪያው አንድ ነው። በሚሠሩበት ጊዜ ከ10 እስከ 4 የሚደርስ ሕመም ይፈቀዳል፤ የዚያን ዕለት ሌሊት ከወትሮው ከባሰ ግን በማግስቱ መጠኑ በግማሽ ይቀነሳል።

እንዴት ሄደ

በመጀመሪያው ሳምንት በሌሊት ሦስት ጊዜ ይነቁ የነበሩት በሁለተኛው መጨረሻ አንዴ ብቻ ሆኑ። ይህ የአልጋው ማስተካከያ ውጤት ነው፤ ጡንቻ በሁለት ሳምንት አይጠነክርም። በሰባተኛው ሳምንት ዘመድ ሞተባቸውና ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ እግር አጥፈው ተቀመጡ፤ ሌሊቱ ተመለሰ። «ወደ ዜሮ ተመለስኩ» ብለው ደወሉ። አልተመለሱም፦ ለአራት ቀን ወደ መቀነቱ ልምምድ ብቻ ሲመለሱና በጀርባ ሲተኙ በስድስተኛው ቀን ወደነበሩበት ደረሱ። ሰው በለቅሶ ቤት ወንበር መጠየቅ ይከብደዋል፤ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ግድ ከሆነ ከመቀመጫው ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጎ፣ ጉልበትን ለይቶ፣ በየ20 ደቂቃው መነሳት ጫናውን ይቀንሰዋል።

በዚህ መሃል አንድ ዘመድ የስቴሮይድ መርፌ እንዲወጉ መክሮአቸው ነበር። መርፌው በፍጥነት ያስታግሳል፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው ቢመርጠው አይፈረድበትም። ነገር ግን አውስትራሊያ ውስጥ በ204 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሦስት መንገዶችን አወዳድሯል። በስምንት ሳምንት እንደተሻላቸው የተናገሩት በትምህርትና በእንቅስቃሴ ከታከሙት 77 በመቶ ገደማ፣ መርፌ ከተወጉት 58፣ ምንም ሳይደረግላቸው ከጠበቁት 29 በመቶ ነበሩ። ከዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ 79፣ የመርፌዎቹ 58 ገደማ ላይ ሲሆኑ፣ የጠበቁት ወደ 52 ደረሱ። መምህርቷ እየተሻላቸው ስለነበር መርፌውን ተዉት።

በሦስተኛው ወር በቀኝ እግር 30 ሰከንድ ቆሙ፤ ሕመሙ ከ10 አንድ ነበር። በአብዛኛው ሌሊቱን ሳይነቁ ያድራሉ።

አንዳንድ ምልክት ቢኖር ኖሮ ይህ መንገድ አይሞከርም ነበር፤ ወደ ሐኪም ይላኩ ነበር። ከወደቁ በኋላ መርገጥ ያቃተው ዳሌ፣ በየትኛውም አቀማመጥ የማይለቅ የሌሊት ሕመም፣ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ቀድሞ የነበረ ካንሰር፣ ወይም እግር በድንገት ደክሞ ሰውነት በየርምጃው ወደዚያው ጎን የሚወድቅ ከሆነ። የመጨረሻው ጅማቱ መበጠሱን ሊያመለክት ይችላል። በእሳቸው ላይ አንዱም አልነበረም።

በስድስተኛው ወር መምህርቷ በቀኝ ጎናቸው ግማሽ ሰዓት ያህል መተኛት ችለዋል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጉብታው ያስታውሳቸዋል፣ ወደ ግራ ይዞራሉ። ስግደቱን በጥቂቱ ጀምረዋል። ጋቢው አሁንም ታስሮ አልጋቸው ላይ ነው፤ በወር አንዴ ፈትተው አጥበው እንደገና ይጠቀልሉታል።